የመጀመሪያው ኢንቮይስ ከወርሃዊው ዋጋ ለምን ይበልጣል?

የኢንተርኔት አገልግሎት አስገባችሁ እንበል። ወርሃዊ ዋጋው 900 ነው ተብላችኋል። 15 በመቶ ታክስ እንደሚጨመርበትም ስለምታውቁ በየወሩ 1,035 ለመክፈል ተዘጋጅታችኋል። የመጀመሪያው ኢንቮይስ ሲመጣ ግን ከታች የተጻፈው 2,173.50 ነው። ከጠበቃችሁት እጥፍ አልፏል። አንዳንዱ ሰው ይህን ሲያይ ስልክ አንስቶ ይቆጣል፣ ሌላው ደግሞ «መጀመሪያ ላይ መቼም እንዲህ ነው» ብሎ ይከፍላል። ሁለቱም የተመለከቱት ድምሩን ብቻ ነው። ድምሩ ግን ትክክል ይሁን ስህተት በራሱ አይናገርም፤ የሚናገሩት ከላዩ ያሉት መስመሮች ናቸው።

የገንዘቡን ዓይነት ልተወው፤ ስሌቱ በየትኛውም ገንዘብ ያው ነው። ኢንቮይሱ ላይ ያለው ይህ ነው፦

የከፊል ወር ክፍያ (ከ18 እስከ 30)፦ 390.00
የወር ክፍያ (የሚቀጥለው ወር፣ ከ1 እስከ 31)፦ 900.00
የማስጀመሪያ ክፍያ (አንድ ጊዜ)፦ 600.00
ድምር ከታክስ በፊት፦ 1,890.00
ታክስ 15 በመቶ፦ 283.50
ጠቅላላ ተከፋይ፦ 2,173.50

ይህ ኢንቮይስ ትክክል ነው። ስህተት ያለበትን ለመለየት መጀመሪያ ትክክለኛው ለምን ትክክል እንደሆነ ማየት ይበጃል። አገልግሎቱ የጀመረው ወሩ በገባ በ18ኛው ቀን ነው። ድርጅቱ ደግሞ ደንበኞቹን በሙሉ የሚያስከፍለው ወር በገባ በ1ኛው ቀን፣ ለሚመጣው ወር በቅድሚያ ነው። ስለዚህ ከ18 እስከ 30 ያሉት ቀናት የማንም ሙሉ ወር ያልሆኑ ትርፍራፊ ቀናት ሆነው ይቀራሉ። ድርጅቱ ለእነሱ ብቻ ለብቻው ኢንቮይስ አይልክም፤ ወር እስኪገባ ይጠብቅና ከሚቀጥለው ወር ክፍያ ጋር አንድ ላይ ይልካቸዋል። ስለዚህ አንዱ መስመር ያለፈውን፣ ሌላው ገና የሚመጣውን ጊዜ ይከፍላል። «ለአንድ አገልግሎት ሁለት ጊዜ አስከፈሉኝ» የሚለው ቅሬታ አብዛኛውን ጊዜ የሚነሳው ከእነዚህ ሁለት መስመሮች ነው፤ የአገልግሎቱ ስም በሁለቱም ላይ አንድ ስለሆነ አያስገርምም። የሚለያቸው አጠገባቸው ያለው የቀን ክልል ነው። ክልሎቹ ካልተደራረቡ፣ የአንዱ መጨረሻ 30፣ የሌላው መጀመሪያ 1 ከሆነ፣ ድርብ ክፍያ የለም። አንድ ቀን እንኳ በሁለቱም ውስጥ ከተገኘ ግን ያ ቀን ሁለት ጊዜ ተከፍሏል።

የቀን ክልል ጭራሽ ያልተጻፈበት ኢንቮይስ ካጋጠማችሁ ከሌላው ነገር ሁሉ በፊት እሱን ጠይቁ። ያለ ቀን የተጻፈ የከፊል ወር ክፍያ ሊመረመር አይችልም። ኢንቮይሱ የወጣበት ቀን እዚህ ምንም አይረዳችሁም፤ እሱ የሚናገረው ሰነዱ መቼ እንደታተመ እንጂ ለየትኛው ጊዜ እንደምትከፍሉ አይደለም።

ወደ 390 እንሂድ። ወርሃዊውን 900 በ30 ቀን ስናካፍል በቀን 30 ይሆናል። ከ18 እስከ 30 ስንት ቀን አለ? ብዙ ሰው 30 ሲቀነስ 18፣ 12 ነው ይላል። ነገር ግን 18ኛው ቀን ራሱ አገልግሎት የተሰጠበት ቀን ስለሆነ ይቆጠራል፤ ስለዚህ 13 ነው። 13 በ30 ሲባዛ 390። በደንበኞች አገልግሎት ስልኮች ላይ ከሚነሱት ክርክሮች የማይናቁት ከዚህች አንዲት ቀን የሚመጡ ይመስለኛል፤ ደንበኛው 360 አስልቶ ይደውላል፣ ሠራተኛው 390 ትክክል ነው ይላል፣ ሁለቱም ለምን እንደተለያዩ ሳይነጋገሩ ይዘጋል።

እዚህ ላይ አንድ እውነተኛ ምርጫ አለ። የቀን ዋጋ ለማግኘት ለስንት ይካፈላል? ሁሉም ድርጅት አንድ ዓይነት አያደርግም። አንዳንዱ ወሩ በእርግጥ ባለው ቀን ያካፍላል፤ 28፣ 29፣ 30 ወይም 31። አንዳንዱ ወሩ የትኛውም ይሁን ሁልጊዜ በ30 ያካፍላል። ሌላው የዓመቱን ዋጋ ወስዶ በ365 ያካፍላል፤ 900 በ12 ተባዝቶ 10,800፣ ይህ በ365 ሲካፈል በቀን 29.59 ገደማ ይሆናል፣ ለ13 ቀን ደግሞ 384.66። እስከ ሰዓትና ሰከንድ ድረስ የሚያሰሉ የክፍያ ሶፍትዌሮችም አሉ፤ በእነሱ ጊዜ አገልግሎቱ ጠዋት ወይም ማታ መጀመሩ እንኳ ቁጥሩን ይቀይረዋል። እነዚህ ሁሉ በአገልግሎት ውሉ ላይ እስከተጻፉ ድረስ ተቀባይነት ያላቸው መንገዶች ናቸው። ልዩነታቸውም ትንሽ ነው። ስለዚህ የእናንተ ስሌት ከኢንቮይሱ በአምስት ወይም በአስር ቢለይ የመጀመሪያው ጥርጣሬ የማካፈያው ቁጥር ይሁን።

ቋሚው 30 አንድ አስቂኝ ጠባይ አለው። ወሩ 31 ቀን ቢኖረውና ደንበኛው በ1ኛው ቀን ቢጀምር፣ 31 በ30 ተባዝቶ 930 ይወጣል፤ ከሙሉ ወሩ ዋጋ በላይ ማለት ነው። በደንብ የተሠራ ስርዓት ከፊል ክፍያ ከሙሉው እንዳይበልጥ ጣሪያ ያበጅለታል። ጣሪያው የሌለበት ስርዓት ላይ በወሩ የመጀመሪያ ቀን የገባ ሰው ሳያውቀው ይቀጣል።

አሁን ስሌቱን እንገልብጠው፤ ስህተት የሚያዘው በዚህ በኩል ነውና። ኢንቮይሱ ላይ 390 ሳይሆን 630 ተጽፎ ቢመጣስ? የቀኑ ክልል ባይጻፍ እንኳ 630ን ለቀን ዋጋው ለ30 አካፍሉ፦ 21 ቀን። ከወሩ መጨረሻ 21 ቀን ወደ ኋላ ስትቆጥሩ 10ኛው ቀን ላይ ትደርሳላችሁ። በ10 ምን ተደረገ? ምናልባት ያን ቀን ትእዛዝ ሰጥታችኋል ወይም ውሉን ፈርማችኋል። ባለሙያው መጥቶ መስመሩን የገጠመው ግን በ18 ነው። እንግዲህ ድርጅቱ መቁጠር የጀመረው አገልግሎት ከሰጠበት ቀን ሳይሆን ትእዛዝ ከተቀበለበት ቀን ነው። ይህ በመጀመሪያ ኢንቮይሶች ላይ ደጋግሞ የሚታይ ስህተት ነው፤ ምክንያቱም ቀላል ነው። ትእዛዙን የሚያስገባው ክፍልና መስመሩን የሚከፍተው ክፍል የተለያዩ ናቸው፣ ሁለተኛው የሥራውን መጠናቀቅ በስርዓቱ ላይ ካላስመዘገበ የክፍያው ሶፍትዌር ያለውን ብቸኛ ቀን ይወስዳል። ያለው ብቸኛ ቀን ደግሞ የትእዛዙ ነው።

ስለዚህ ገጠማው ባለቀበት ቀን አንድ ማስረጃ መያዝ ዋጋ አለው። ባለሙያው የሚያስፈርማችሁ ወረቀት ካለ ቅጂውን፣ ከሌለ አገልግሎቱ መከፈቱን የሚገልጸውን የጽሑፍ መልእክት ወይም ኢሜይል አስቀምጡ። ክርክሩ ያለዚያ የቃል ክርክር ይሆናል። ውሉንም ተመልከቱ፤ «ክፍያ የሚጀምረው አገልግሎቱ ከተከፈተበት ቀን ነው» የሚልና «ውሉ ከተፈረመበት ቀን ነው» የሚል ዓረፍተ ነገር ሁለቱም ይኖራሉ፣ የፈረማችሁት ሁለተኛውን ከሆነ 630ው ደስ ባያሰኝም ስህተት አይሆንም።

ማካፈል አንድ ሌላ ነገርም ያወጣል። የተነገራችሁ ዋጋ 1,035 ታክስን ጨምሮ ነበር እንበል። የከፊል ወር መስመሩ ላይ 448.50 ተጽፎ፣ ከታች ደግሞ ታክስ 15 በመቶ ተጨምሮበት መጣ። 448.50ን ለ13 ቀን ስታካፍሉ በቀን 34.50 ነው፤ በ30 ሲባዛ 1,035። ድርጅቱ ታክሱ ያለበትን ዋጋ ታክስ እንደሌለበት አድርጎ አስገብቶ እንደገና ታክስ ጥሎበታል ማለት ነው። ድምሩን ብቻ ያየ ሰው ይህን አያገኘውም፤ መስመሩን ወደ ሙሉ ወር መልሶ ያሰፋ ሰው ግን ወዲያው ያየዋል።

ከፊል ወር ጭራሽ የማይታይባቸው ኢንቮይሶችም አሉ። አንዳንድ ድርጅት የእያንዳንዱን ደንበኛ ወር ከጀመረበት ቀን ይቆጥራል፤ በ18 የጀመረ በየወሩ በ18 ይከፍላል፣ ትርፍራፊ ቀን አይኖርም። ሌላው ደግሞ የሚያስከፍለው ከአገልግሎቱ በኋላ፣ ወሩ ሲያልቅ ነው። በዚህ ሁኔታ የእኛው ደንበኛ የመጀመሪያ ኢንቮይስ 390 እና 600 ብቻ ይይዛል፤ 990፣ ከታክስ ጋር 1,138.50። ይህ ቁጥር ከሁሉም የበለጠ አታላይ ነው። ከተጠበቀው 1,035 ብዙ ስለማይርቅ ማንም አይመረምረውም፤ ሰውየው አንድ ወር የከፈለ ይመስለዋል፤ የከፈለው ግን ለ13 ቀንና ለማስጀመሪያ ነው።

የማስጀመሪያ ክፍያው ስሌት የለውም፤ ያለው ጥያቄ ምንድን ነው የሚል ነው። በአንድ ስም ስር ሦስት የተለያዩ ነገሮች ይገባሉ። የመጀመሪያው ሥራ ነው፤ መስመር መዘርጋት፣ መሣሪያ መግጠም፣ አካውንት መክፈት። ይህ አንዴ ይከፈላል፣ አንዴ ከተሠራ ደግሞ አይመለስም። ሁለተኛው ዕቃ ነው፤ መሣሪያው ተሸጦላችሁ ከሆነ የእናንተ ነው፣ ስትለቁ አትመልሱትም። ሦስተኛው ማስያዣ ነው፤ መሣሪያውን ስትመልሱ ገንዘቡም ይመለሳል። 600 ሥራ ከሆነ ወጪ ነው፣ 600 ማስያዣ ከሆነ ግን ሌላ ቦታ የተቀመጠ የራሳችሁ ገንዘብ ነው። ኢንቮይሱ «የማስጀመሪያ ክፍያ» ብሎ ብቻ ካለፈው ይህ አይታወቅም፣ ከሁለት ዓመት በኋላ አገልግሎቱን ስታቋርጡ ማስታወሱ ደግሞ የእናንተ ሸክም ይሆናል። ዝርዝሩን በጽሑፍ መጠየቅ ያለበት አሁን ነው።

የማስጀመሪያ ክፍያ በቀን አይሸራረፍም። በወሩ በ18 ብትጀምሩም በ1 ብትጀምሩም ያው 600 ነው። የከፊል ወር ስሌት ለጊዜ የሚከፈል ነገር ላይ እንጂ ለአንድ ጊዜ ሥራ አይሠራም። በተቃራኒው በየወሩ የሚከፈል ሆኖ ያልተሸራረፈ መስመር ካለ፣ ለምሳሌ የመሣሪያ ኪራይ በመጀመሪያው ከፊል ወር ላይ ሙሉውን ከተጻፈ፣ ለምን እንደሆነ መጠየቅ ተገቢ ነው። መልሱ ውሉ ውስጥ ሊኖር ይችላል፤ አንዳንድ ተጨማሪዎች ለከፊል ወር እንደማይሸራረፉ በግልጽ ይጻፋል።

«ማስጀመሪያ በነፃ» ተብላችሁ ከሆነ ደግሞ 600ው ጭራሽ ላይኖር ይችላል፤ ወይም 600 ተጽፎ ቀጥሎ «ቅናሽ −600» የሚል መስመር ይመጣል። ሁለተኛው አሠራር የሚመረጠው ለሂሳብ መዝገብ ስለሚያመች ነው፤ አንዳንዴ ግን ሌላ ምክንያትም አለው። ውሉ ከተወሰነ ጊዜ በፊት ካቋረጣችሁ የተሰረዘው ክፍያ ተመልሶ እንደሚጠየቅ ሊናገር ይችላል፣ ለዚህም ነው መጠኑ በግልጽ የተቀመጠው። ቅናሹ የት ቦታ እንደተጻፈም ተመልከቱ። ሻጩ ራሱ ሲሸጥ የሰጠው ቅናሽ በተለምዶ ታክስ የሚሰላበትን መጠን ይቀንሳል። ቅናሹ ከታክሱ መስመር በላይ ከተጻፈ ስሌቱ 390 እና 900፣ ማለትም 1,290፣ ከታክስ ጋር 1,483.50 ይሆናል። ቅናሹ ከታክሱ መስመር በታች ከተቀነሰ ግን 2,173.50 ሲቀነስ 600፣ 1,573.50 ነው። በመካከላቸው ያለው 90፣ ላልከፈላችሁት ማስጀመሪያ የተጣለ ታክስ ነው።

የታክሱን መስመር ብዙ ሰው ዘሎት ያልፋል፤ «የመንግሥት ነው፣ ምን ይደረጋል» ይላል። እኔ ግን ከኢንቮይሱ ሁሉ በጣም የምወደው መስመር እሱ ነው፤ ሌሎቹ መስመሮች የደበቁትን ስለሚያወጣ። ዘዴው አንድ ማካፈል ብቻ ነው። የታክሱን መጠን ለመቶኛው አካፍሉ፦ 283.50 ሲካፈል ለ0.15፣ 1,890። ይህ ማለት ድርጅቱ ታክስ የጣለው በ1,890 ላይ ነው፣ ማለትም በሦስቱም መስመሮች ላይ። ውጤቱ ከታክስ በፊት ካለው ድምር ጋር ስለገጠመ በዚህ በኩል የሚጠየቅ ነገር የለም።

ታክሱ 193.50 ቢሆን ኖሮስ? ለ0.15 ሲካፈል 1,290 ነው፤ 390 እና 900 ብቻ። የማስጀመሪያው 600 ታክስ አልተጣለበትም። ይህ ወይ ስህተት ነው፣ ወይ ድርጅቱ 600ውን እንደ ማስያዣ ነው የያዘው። ተመላሽ ማስያዣ የሽያጭ ዋጋ ስላልሆነ በብዙ አገር ታክስ አይጣልበትም። ስለዚህ የታክሱ መስመር ኢንቮይሱ በቃል ያልነገራችሁን በቁጥር ነገራችሁ፤ ገንዘቡ ሊመለስ የሚችል ነው። ጠይቃችሁ በጽሑፍ አረጋግጡት።

በግልባጩም ይሠራል። ድርጅቱ «ከ600ው ውስጥ 100 ለሥራ፣ 500 ለመሣሪያው ማስያዣ ነው» ብሎ ከነገራችሁ፣ ታክስ ሊጣልበት የሚገባው በ390፣ በ900 እና በ100 ላይ ነው፤ 1,390፣ ታክሱም 208.50። ኢንቮይሱ ላይ ያለው ግን 283.50 ከሆነ ማስያዣው ላይም ታክስ ተጥሎበታል፣ 75 ተርፎ ተወስዷል። ማስያዣው ሲመለስ 500 ይመልሱላችኋል፤ 75ቷን ግን ማንም አያስታውሳትም።

ማካፈሉ ከየትኛውም የመስመር ጥምር ጋር የማይገጥም ቁጥር ከሰጣችሁ ሁለት ነገር ፈልጉ። አንደኛ፣ የተለያዩ መስመሮች የተለያየ የታክስ መቶኛ ሊኖራቸው ይችላል፤ በአንዳንድ አገር አገልግሎትና ዕቃ እኩል አይታክሱም፣ ከታክስ ነፃ የሆኑም አሉ። ደህና ኢንቮይስ ይህን ከየመስመሩ አጠገብ ያሳያል። ሁለተኛ፣ ዋጋዎቹ ታክስን አካተው ተጽፈው ይሆናል። በዚህ ጊዜ የታክሱ መስመር የሚጨመር ሳይሆን ከውስጥ የተነጠለ መረጃ ነው፣ ጠቅላላውም ከመስመሮቹ ድምር አይበልጥም። ስሌቱም ይለያል። 900 ታክስን ጨምሮ ከሆነ በውስጡ ያለው ታክስ 900 በ15 ተባዝቶ ለ115 ተካፍሎ 117.39 ነው። የ900ን 15 በመቶ ወስዶ 135 ያለ ሰው ከዚያ ተነስቶ ድርጅቱን ቢከራከር ይሸነፋል፤ 15 በመቶው የሚሰላው ከታክስ በፊት ካለው 782.61 ላይ ነውና።

የአንዲት ሳንቲም ልዩነት ሲኖር አትድከሙ። ታክስ በየመስመሩ ተሰልቶ ሲጠጋጋና በድምሩ ላይ አንዴ ተሰልቶ ሲጠጋጋ እኩል ላይመጣ ይችላል። 4.90 ዋጋ ያላቸው ሦስት ትናንሽ ተጨማሪዎች ቢኖሩ፣ የእያንዳንዱ ታክስ 0.735 ወደ 0.74 ይጠጋል፣ ሦስቱ 2.22 ናቸው፤ በድምሩ 14.70 ላይ ከተሰላ ግን 2.205 ወደ 2.21 ነው። ሁለቱም ትክክል ናቸው።

ከታክሱ አጠገብ ተቀምጠው ታክስ የሚመስሉ መስመሮች ግን ሌላ ነገር ናቸው። «የአስተዳደር ክፍያ»፣ «የቁጥጥር ወጪ ማካካሻ» የመሳሰሉት ስሞች መንግሥት የጣላቸው ያስመስላሉ፤ ብዙውን ጊዜ ግን ድርጅቱ ራሱ የጨመራቸው ዋጋዎች ናቸው። መለያው ቀላል ነው። ታክስ የታወቀ መቶኛና የሻጩ የታክስ ከፋይ መለያ ቁጥር ይኖረዋል፣ በእሱም ላይ መደራደር አይቻልም። የድርጅቱ ክፍያ ግን ውሉ ላይ መጠኑ መኖር አለበት፤ ከሌለ ልትከራከሩበት ትችላላችሁ። አገልግሎቱን ለንግድ የምትጠቀሙበትና የከፈላችሁትን ታክስ የምታወራርዱ ከሆነ ደግሞ የንግድ ስማችሁና የእናንተ መለያ ቁጥር በትክክል መጻፉን በመጀመሪያው ኢንቮይስ ላይ አረጋግጡ፤ እዚህ የተሳሳተ ስም በየወሩ እየተደገመ ይሄዳል።

የቅናሽ ውሎችንም ከፊሉ ወር ይነካቸዋል። «የመጀመሪያዎቹ 3 ወራት በግማሽ ዋጋ» ተብላችሁ ከሆነ ያ የ13 ቀኑ ትርፍራፊ እንደ አንድ ወር ይቆጠራል ወይ? ከተቆጠረ ቅናሹ የሚያገለግላችሁ ለ13 ቀንና ለሁለት ሙሉ ወር ብቻ ነው። ልዩነቱ አሁን ኢንቮይሱ ላይ አይታይም፤ የሚታየው ከሦስት ወር በኋላ፣ ዋጋው ከጠበቃችሁት ቀድሞ ሲጨምር ነው። የአንድ ዓመት ውል የሚያልቅበት ቀንም እንዲሁ፤ አንዳንዱ ከተከፈተበት ቀን፣ አንዳንዱ ከመጀመሪያው ሙሉ ወር ይቆጥራል። ሲገቡ በቀን የሚያሰላ ድርጅት ሲወጡም በቀን ያሰላል ማለት አይደለም። ብዙ ውል በወሩ አጋማሽ ያቋረጠ ሰው የተከፈለውን ወር ይጨርሳል እንጂ ገንዘብ አይመለስለትም ይላል። ይህን ለማወቅ የመጀመሪያው ኢንቮይስ አይበቃም፤ ውሉ ነው የሚነበበው።

ስህተት ካገኛችሁ «በዝቶብኛል» ብሎ መጻፍ ረጅም ደብዳቤ መለዋወጥ ያመጣል። የቅድሙን 630 እንውሰድ። የሚጻፈው አጭር ነው፦ «በኢንቮይሱ የመጀመሪያ መስመር ላይ የተከፈለው ለ21 ቀን ነው። አገልግሎቱ የተከፈተው በ18 መሆኑን የሚያሳየው ወረቀት ተያይዟል። ትክክለኛው 13 ቀን፣ 390 ነው። የ8 ቀን 240 እና በእሱ ላይ የተጣለው ታክስ 36፣ በድምሩ 276 ይስተካከልልኝ።» ታክሱን መጥቀስ እንዳትረሱ። ማስተካከያ ሲሰጥ ዋናው 240 ተመልሶ ታክሱ ሳይመለስ የሚቀርበት አጋጣሚ ይታያል፤ ድርጅቱ ቅናሽ የሰጠ መስሎት ከታክስ በኋላ ሲቀንሰው ነው ይህ የሚሆነው። የምትጠይቁት ነገር ወይ የተስተካከለ ኢንቮይስ ነው፣ ወይ የመጀመሪያውን ኢንቮይስ ቁጥር የሚጠቅስና ታክሱን ለብቻው የሚያሳይ ክሬዲት ኖት፣ ማለትም የተቀነሰላችሁን ገንዘብ የሚያረጋግጥ ሰነድ። «በሚቀጥለው ወር እናስተካክለዋለን» የሚል የስልክ ቃል ግን ሰነድ አይደለም። የመክፈያ ቀነ ገደቡ እስከዚያ ከደረሰ ያልተከራከራችሁበትን 2,173.50 ከፍላችሁ ቀሪውን ማቆየት ይቻል እንደሆነ ውሉን እዩ፤ ካልተፈቀደ ሙሉውን ከፍሎ ማስመለስ መስመሩ ከመቋረጡ ይሻላል።

ሁለተኛው ኢንቮይስ ሲመጣ የመጀመሪያውን የምትፈትሹበት አጋጣሚ ይሆናል። በእኛ ምሳሌ አንድ መስመር ብቻ ሊኖረው ይገባል፤ 900፣ ታክሱ 135፣ ድምሩ 1,035። የከፊል ወር ወይም የማስጀመሪያ መስመር ተመልሶ ከመጣ የአንድ ጊዜው ክፍያ በስርዓቱ ላይ በየወሩ እንዲደጋገም ሆኖ ገብቷል ማለት ነው፤ ሠራተኛው አንድ ሳጥን ላይ ምልክት ባለማጥፋቱ የሚመጣ ነገር ነው። 630ው የነበረበትን የመጀመሪያ ኢንቮይስ ጠቅላላ 2,449.50 ሙሉውን ከፍላችሁ ማስተካከያውን እየጠበቃችሁ ከነበረ ደግሞ −240 እና −36 ታይተው ተከፋዩ 759 መሆን አለበት። 795 ከሆነ 36ቷ ቀርታለች።